የሩጫ ጫማ ስፖንጁ ማለቁ በምን ይታወቃል?

ብዙ ሯጭ ጫማው አለቀ አላለቀ ለማወቅ ገልብጦ ታችኛውን ጎማ ያያል። ጎማው ካልተበላ፣ ከላይ ያለው ጨርቅም ካልተቀደደ «ገና ነው» ብሎ መልሶ ያጠልቀዋል። እግርን ከመሬቱ ምት የሚጠብቀው ግን ጎማው አይደለም። ከጎማው በላይ፣ ከእግር በታች ያለው ወፍራም ስፖንጅ ነው። ይህ ስፖንጅ ጎማውም ጨርቁም ደህና እያሉ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል፤ ሲያልቅ ደግሞ አይቀደድም፣ አይሰበርም፣ ድምፅም አያሰማም። ስለዚህ ሆን ብሎ ካልፈተሹት በቀር አይታወቅም። ከዚህ በታች የምንነጋገረው በተለይ ስለ መንገድና የልምምድ መሮጫ ጫማ ነው። የትራክ ስፓይክ ሌላ ጉዳይ ነው።

በትክክል የሚያልቀው የትኛው ክፍል ነው?

የሩጫ ጫማ ከታች ወደ ላይ ሲታይ ሦስት ንጣፍ አለው። መሬቱን የሚነካው ታችኛው ሶል ነው። የሚሠራው ከጎማ ነው፤ ሥራውም እንዳያንሸራትት መሬት መያዝና በቶሎ አለመበላት ነው። ከሱ በላይ ከጎን ሲያዩት ወፍራም ሆኖ የሚታየው፣ ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነው ክፍል መሃለኛው ሶል ይባላል። ስፖንጅ የምንለው እሱን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እጅ አስገብተው ሊያወጡት የሚችሉት ስስ የውስጥ ንጣፍ አለ።

በአሁኑ ጊዜ በሚሸጡት የልምምድ ጫማዎች ተረከዝ ሥር ከመሬት እስከ እግር ያለው ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ የውስጥ ንጣፉ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢይዝ ነው፤ ጎማውም እንዲሁ ጥቂት ነው። የቀረው ሁሉ ስፖንጅ ነው። ጫማ ሲያጠልቁ መጀመሪያ የሚሰማዎት ልስላሴ የውስጥ ንጣፉ ነው፤ በሩጫ ላይ ምቱን የሚያበርደው ግን ከሥሩ ያለው ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ በእግር ጣት ተጫን ተጫን አድርጎ ጫማ መምረጥ የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስፖንጁ እንዴት ነው የሚያልቀው?

የአብዛኞቹ የልምምድ ጫማዎች መሃለኛ ሶል የሚሠራው ኢቪኤ ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ወይም ከሱ ጋር ሌላ ነገር ከተቀላቀለበት ነው። በውስጡ በዓይን የማይለዩ እጅግ ብዙ ትናንሽ አረፋዎች አሉ። እያንዳንዱ አረፋ በሁሉም በኩል የተዘጋ ሲሆን በውስጡ አየር ይዟል። እግር ሲያርፍበት የአረፋው ግድግዳ ይጎብጣል፣ አየሩም ይታመቃል፤ እግር ሲነሳ ሁለቱም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ምቱን የሚያበርደው ይህ መጉበጥና መመለስ ነው።

አንድ ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከክብደቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። በዝግታ የሚሮጥ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንዱን እግሩን ወደ 500 ጊዜ ያሳርፋል። ስለዚህ 600 ኪሎ ሜትር የተሮጠበት ጫማ፣ እያንዳንዱ እግር 300,000 ጊዜ ያህል ተጭኖታል ማለት ነው። ግድግዳዎቹ በዚህ ሁሉ መጎባበጥ ይደክማሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ አየሩ ከአረፋው ይወጣል፣ ስፖንጁም ይጠቀጠቃል። የስፖንጅ ፍራሽ ሁልጊዜ ሰው የሚተኛበት መሃሉ ሰርጉዶ ጠርዙ እንደ ነበረ እንደሚቀር ሁሉ፣ ጫማውም እግር በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ይሞታል፤ ያልተጫኑት ክፍሎቹ አዲስ እንደሆኑ ይቆያሉ። ይህን ልብ ይበሉ፤ ኋላ ለፍተሻ ይጠቅመናል።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ከረጅም ሩጫ እንደተመለሱ የሚታየው መጠቅጠቅ ሁሉ ቋሚ አይደለም። ከፊሉ ጫማው ሲያርፍ ይመለሳል። የማይመለሰው የተሰነጠቀው ክፍል ነው። ትኩስ ጫማ መፈተሽ ስለዚህ አያስኬድም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያረፈና የቤት ውስጥ ሙቀት ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ብርድ ኢቪኤን ያጠነክረዋል፣ ሙቀት ያለሰልሰዋል። በጥር ወር ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ውስጥ በረንዳ ላይ ያደረን ጫማ ተጭኖ «ሞቷል» ማለት ስህተት ነው፤ መጀመሪያ ቤት ገብቶ ይሙቅ።

እግሬ ራሱ አይነግረኝም?

ይነግርዎታል፤ ግን ዘግይቶ፣ አንዳንዴም በተሳሳተ መንገድ።

እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የተለያዩ ጫማዎችን በማሽን እየደበደበ ለክቶ ነበር። ምት የማብረድ አቅማቸው ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ከአዲስነታቸው ወደ 75 በመቶ፣ ከ160 እስከ 240 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ወደ 67 በመቶ ወረደ። ከ400 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ከ60 በመቶ በታች ሆነ። ሰዎች በእግራቸው የሮጡባቸው ጫማዎች ትንሽ ይሻሉ ነበር፤ 800 ኪሎ ሜትር ላይ 70 በመቶ ገደማ ቀርቷቸዋል። የዛሬው ስፖንጅ ከያኔው የተሻለ ስለሆነ ቁጥሮቹን እንዳሉ መውሰድ አይገባም። የአወራረዱ መልክ ግን ትምህርት አለው። ትልቁ ቅናሽ የሚመጣው ጫማው ገና አዲስ ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጣም በዝግታ ይወርዳል። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ሞተ» የሚባልበት ቀን የለም። በየቀኑ የምናየው ልጅ ማደጉ እንደማይታወቀን፣ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ብቻ ስናነጻጽር ለውጡ አይሰማንም።

በላዩ ላይ ሰውነት ራሱ ጉዳዩን ይሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ሯጮችን በአዲስ ጫማ፣ ከ320 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም በዚያው በአሮጌው አስሩጦ አነጻጸረ። መሬት ላይ የሚያርፈው ኃይል አልተለወጠም ነበር። የተለወጠው አሯሯጣቸው ነው። እግራቸው መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ረዘመ፣ የቁርጭምጭሚታቸው አስተጣጠፍም ተለወጠ። ጫማው የተወውን ሥራ ጡንቻና መገጣጠሚያ ተረክበውታል ማለት ነው። ሯጩ ይህን ሆን ብሎ አያደርገውም፤ አያውቀውምም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ እግር ሥር ሳይሆን ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። በተለመደ ቀላል ሩጫ ማግስት ቅልጥም ፊት ለፊት ይከብዳል፣ የባት ጡንቻ ይጠነክራል፣ ጉልበት ዙሪያ ድብን ያለ ድካም ይሰማል። ይህ ጫማውን የሚያስጠረጥረው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ርቀቱንም ፍጥነቱንም አልጨመሩም፤ የሚሮጡበት መሬት አልተለወጠም፤ ሕመሙም በሁለቱም እግሮች ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ በጣት ሲነኩት የሚወጋ፣ እያደር የሚብስ ወይም የሚያሳነክስ ሕመም ከሆነ ግን ጫማ መቀየር መፍትሔው አይደለም። ሩጫውን አቁሞ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ የአጥንት ስንጥቅ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ታዲያ ስንት ኪሎ ሜትር ይቆያል?

በተለምዶ የሚነገረው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ጫማውን የሚጥሉበት ሳይሆን መፈተሽ የሚጀምሩበት ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ልዩነትም ያለ ምክንያት አልመጣም። የ85 ኪሎ ሰው ስፖንጁን ከ55 ኪሎ ሰው በበለጠ ያጎብጠዋል። ቀጭን ስፖንጅ ከወፍራሙ ቀድሞ ወደ ጥጉ ይደርሳል። አስፋልት ላይ ምቱን የሚያበርደው ጫማው ብቻ ነው፤ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ባለ አፈር ላይ ግን መሬቱም ያግዛል። ኮሮኮንች ደግሞ ስፖንጁን ሳይሆን ጎማውንና ጎኑን ነው ቀድሞ የሚጎዳው።

የስፖንጁ ዓይነትም ይለያያል። ቀላልና የሚያስፈነጥር ሆኖ የተሠራ የውድድር ጫማ ዕድሜው አጭር ነው። ትዕግስት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን 2:11:53 ስትገባ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ነበር የሚመዝነው፤ አምራቹም ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ማለማመጃ እንጂ ለዘወትር ልምምድ እንዳልሠራው በግልጽ ተናግሯል። ይህ ጫፍ የወጣ ምሳሌ ነው። ግን የውድድር ጫማ ገዝቶ ሳምንቱን ሙሉ የሚለማመድበት ሰው፣ ውድድሩ ሲደርስ የከፈለበትን ነገር በልምምድ ጨርሶታል።

ቁጥሩ እንዲያገለግልዎ መመዝገብ አለበት። ጫማው በተገዛ ቀን የጀመሩበትን ቀን የውስጥ ንጣፉ ሥር በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፉ። የሩጫ መተግበሪያ በስልክዎ ካለ አብዛኞቹ ጫማን መዝግቦ ኪሎ ሜትሩን የሚደምር ቦታ አላቸው። ከሌለዎት የሳምንቱን ርቀት በሳምንቱ ብዛት ማባዛት ይበቃል። በሩጫ ጫማ ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ገበያ ሲወጡ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ የሚያልፈው ጊዜ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ስፖንጁን ግን ይጠቀጥቀዋል። ምዝገባው ትክክል እንዲሆን ከፈለጉ ጫማውን ለሩጫ ብቻ ያድርጉት።

ቤት ውስጥ እንዴት ይፈተሻል?

አንድ ፈተና ብቻውን አይበቃም። ሁለት ወይም ሦስቱ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው መወሰን የሚቻለው። አንድ ቀን ያረፈውን ጫማ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉና፣ የውስጥ ንጣፉን አውጥተው ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ብርሃን ባለበት ያስቀምጡት።

መጀመሪያ የስፖንጁን ጎን ያንብቡ። ከተረከዙ ውጭና ከአውራ ጣት ሥር ባለው በኩል፣ ከመሬት ጋር ትይዩ የሆኑ አግድም ሽብሽቦችን ይፈልጉ። ማንኛውም የተሮጠበት ጫማ ጥቂት ስስ መስመር ይኖረዋል። ጥያቄው ጫማው ላይ ማንም ሳይቆምበት መስመሩ ምን ያህል ጠልቆ ይታያል የሚለው ነው። ጥፍርዎን በአግድሙ ሲያስሄዱት የሚይዘው፣ ሌላው የስፖንጅ ክፍል ሞላ ብሎ ሳለ እዚያ ብቻ የተጨፈለቀ ከሆነ ግድግዳዎቹ አይመለሱም ማለት ነው። አንዳንድ አምራች ጎኑ ላይ ለጌጥ መስመር ያትማል፤ እሱ በሁለቱም ጫማ ላይ አንድ ዓይነትና እኩል ስለሆነ በቀላሉ ይለያል። ቀለሙ ብቻ የተሰነጠቀም አያሳስትዎ።

ቀጥሎ የእጅ አውራ ጣት። ብዙ ሰው ስፖንጁን ከጎን ቆንጥጦ «ለስላሳ ነው» ይላል። ጎኑ ግን እግር ያላረፈበት ስለሆነ ምንም አይነግርም። ትክክለኛው ቦታ የውስጥ ንጣፉ የነበረበት፣ ተረከዝ መሃል ነው። እጅዎን አስገብተው እዚያ በደንብ ይጫኑ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እግር መሃል፣ ውጭኛው ጎን ሄደው በዚያው ጉልበት ይጫኑ። ያ ቦታ ብዙ ስላልተጫነ በአንድ ጫማ ውስጥ ያለ አዲስ ስፖንጅ ነው ማለት ይቻላል፤ የፍራሹ ጠርዝ እሱ ነው። ደህና ጫማ ላይ ሁለቱ ቦታዎች ይቀራረባሉ። ያለቀ ጫማ ላይ ተረከዙ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ እንደ እንጨት ደርቆ አይገባም፣ ወይ ደግሞ ገብቶ ቶሎ አይመለስም፤ ጣትዎን ሲያነሱ ጉድጓዱ ለቅጽበት ይቆያል። በእግር ውስጠኛው ጎን እንዳይሞክሩት፤ እግርን ለመደገፍ አንዳንድ ጫማ እዚያ ሆን ተብሎ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ይገባበታል።

ሦስተኛው ቁመት ነው። ጫማዎቹን ጎን ለጎን አቁመው፣ ዓይንዎን ከጠረጴዛው እኩል አድርገው ከኋላ ይመልከቷቸው። የተረከዙ ማቀፊያ ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ካዘመመ፣ ከአንዱ በኩል ስፖንጁ ወርዷል። እዚህ ላይ ጎማው ብቻ ተበልቶም ሊያዘምም ስለሚችል፣ በማስመሪያ ከስፖንጁ ታችኛ ጠርዝ እስከ ላይኛው ጠርዝ ያለውን ብቻ፣ ጎማውን ሳይጨምሩ፣ በውጭና በውስጥ በኩል ይለኩ። ጫማ ሲገዙ ይህን ልኬት ወስደው ከኋላና ከጎን ፎቶ ካነሱት ሥራው በጣም ይቀላል፤ ማነጻጸሪያ ስለሚኖርዎ። ካላነሱት ደግሞ ግራና ቀኙን ያነጻጽሩ።

በእጅ ማጠፍና መጠምዘዝ በብዙ ቦታ እንደ ዋና ፈተና ይነገራል። ነገሩ ግን ጫማ ከጫማ ይለያያል። ውስጡ የካርቦን ሳህን ያለበት ጫማ ቢያልቅም አይታጠፍም፤ ስስና ለስላሳ ሆኖ የተሠራ ደግሞ በአዲስነቱም ይታጠፋል። የሚጠቅመው ለውጡ ነው። ድሮ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ብቻ ይታጠፍ የነበረ ጫማ አሁን መሃሉ ላይ ከታጠፈ ድጋፉ ሄዷል።

ከሁሉ የሚታመነው ግን ማነጻጸር ነው። የዚያው ሞዴል አዲስ ጫማ ካለዎት ወይም ሱቅ ውስጥ መሞከር ከቻሉ፣ አንዱን እግር አዲሱን፣ ሌላውን አሮጌውን ያድርጉ። በእያንዳንዱ እግር ተራ በተራ ይቁሙ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ጥቂት ሜትሮች ይሩጡ፣ ጫማውን አቀያይረውም ይድገሙት። ማቀያየሩ የግድ ነው፤ ምክንያቱም የሰው ሁለት እግሮች እኩል አይደሉም። ልዩነቱ ከተሰማዎት ሰውነትዎ ሲሸፍነው የቆየውን ነው ያገኙት።

አንድ ጫማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ እንውሰድ። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ለመዘጋጀት መስከረም መጀመሪያ ላይ ተራ የኢቪኤ ልምምድ ጫማ ገዛ። በሳምንት አራት ቀን ይሮጣል፤ ሁለቱን ቀን 8፣ አንዱን 10፣ እሑድ 18 ኪሎ ሜትር፣ በጠቅላላ 44። አብዛኛው አስፋልት ነው። ታኅሣሥ ሲገባ 13 ሳምንት ስለሞላው ጫማው 572 ኪሎ ሜትር ሮጧል። ወደ መፈተሻው ክልል ገብቷል።

ሲገለብጠው ጎማው ከተረከዙ ውጭኛ ጠርዝ ላይ ብቻ ተበልቷል። ይህ ብዙ ሰው የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ስፖንጁም ገና አልወጣም። በጎማው ቢፈርድ ኖሮ ሌላ ሦስት ወር ይሮጥበት ነበር። ከጎን ሲያየው ግን በቀኝ ጫማ ተረከዝ ውጭ ጥፍር የሚይዙ ሦስት ሽብሽቦች አሉ፤ በግራው ስስ መስመር ብቻ ነው። ጣቱን ሲያስገባ የቀኙ ተረከዝ ከመሃሉ በግልጽ የደረቀ ነው፤ የግራው ትንሽ ይሻላል። ከኋላ ሲያያቸው ቀኙ በትንሹ ወደ ውጭ አዘንብሏል። በማስመሪያ ሲለካ የስፖንጁ ውጭኛ ጎን ከውስጠኛው በ2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል፤ የግራው ጫማ ሁለቱ ጎኖች ግን እኩል ናቸው። ሽብሽቡ፣ ድርቀቱና ዝንባሌው ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ስለተገናኙ ጥርጣሬ የለም፤ የቀኙ ስፖንጅ አልቋል። ግራው ደህና ነው ብሎ መቀጠል አይቻልም። ይልቁንም አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ባለ ጫማ መሮጥ ሁለቱ እኩል ካለቁበት ጫማ የባሰ ነው።

ይኸው ሯጭ 55 ኪሎ ቢሆንና አብዛኛውን ርቀት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቢሮጥ ኖሮ፣ በዚያው 572 ኪሎ ሜትር ጫማው ስስ መስመር ብቻ ሊኖረው ይችል ነበር። ያኔ ውሳኔው መቀጠልና በየሁለት ሳምንቱ መልሶ መፈተሽ ነው።

ልባሽ ጫማ ሲገዛስ?

በአገራችን ብዙ ሯጭ የመጀመሪያ ጥሩ ጫማውን የሚያገኘው ከሰልባጅ ነው። ሰልባጅ ጫማ ታሪኩ አይታወቅም፤ ታጥቦ፣ ነጣ ነጣ ተደርጎ፣ ክሩ ተቀይሮ ሊቀርብ ይችላል። በመሮጫ ማሽን ላይ ብቻ የተሮጠበት ከሆነ ጎማው አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ስፖንጁ ግን አልቆ ይሆናል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅደው የውስጥ ንጣፉን ያውጡ። ንጣፉ ላይ የተረከዝና የጣቶች ቅርጽ ጠልቆ ከታተመ ብዙ ተሮጦበታል። ከዚያ የአውራ ጣቱን ፈተና በሁለቱም ጫማ ይድገሙት፤ ጎኑንም በብርሃን ይዩ።

ዕድሜም ራሱ ይቆጠራል። ብዙ አምራቾች የተመረተበትን ቀን በጫማው ምላስ ወይም ውስጠኛ ጎን ባለች የቁጥር ምልክት ላይ ያትማሉ። ያልተሮጠበት ጫማም ብዙ ዓመት ሲቀመጥ ስፖንጁ ይደርቃል፣ ማጣበቂያውም ይላቀቃል። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ስፖንጅ ያለበት የቆየ ጫማ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት የተነሳ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፤ አዲስ መስሎ ሳለ በመጀመሪያው ሩጫ ሶሉ ፍርፍር ይላል። ይህን ለማወቅ ጫማውን ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ አጥብቀው ሁለት ሦስቴ ያጥፉት። ስንጥቅ ከታየ፣ የሚሰባበር ድምፅ ከተሰማ ወይም ጎማው ከስፖንጁ ከተላቀቀ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ለሩጫ አይሆንም።

አዲስ ንጣፍ ወይም አዲስ ጎማ ያድነዋል?

ጫማ ሰፊ ጋ ሄዶ አዲስ ጎማ ማስለጠፍ የተለመደ ነው። ስፖንጁ ደህና ሆኖ ጎማው ብቻ ለተበላበት ጫማ ይህ ጥሩ ጥገና ነው፤ ለስፖንጁ ግን ምንም አይጨምርለትም። ወፍራምና ደረቅ ጎማ ከተለጠፈበት ደግሞ ጫማው ይከብዳል፣ አስተጣጠፉም ይለወጣል። አዲስ የውስጥ ንጣፍ ሲገባ ወዲያው ምቾት ይሰማል። ይህ ግን እግር ሥር ያሉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች አዲስ ስለሆኑ እንጂ ከሥሩ ያለው 25 ሚሊ ሜትር ስላገገመ አይደለም። የወረደና ያዘመመ ስፖንጅ ላይ የተቀመጠ ንጣፍ አብሮት ያዘምማል።

የሞተውን መመለስ ባይቻልም ያለውን ማቆየት ይቻላል። ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ጫማን ምድጃ አጠገብ ወይም ቀትር ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ በማሽን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በተለይም ዱባይና ሪያድ ባለው ሐሩር መኪና ውስጥ ትቶ መዋል ስፖንጁንም ማጣበቂያውንም ያዳክማል። በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ ማጠብ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ይሻላል። አቅም ከፈቀደ ሁለት ጫማ እያፈራረቁ መሮጥ ለስፖንጁ የማገገሚያ ጊዜ ይሰጣል፤ እግርንም በአንድ ዓይነት ጫና ብቻ ከመመላለስ ያሳርፋል። ሉክሰምበርግ ውስጥ 264 ሯጮችን ለ22 ሳምንት የተከታተለ ጥናት፣ ከአንድ በላይ ጫማ እያፈራረቁ የሮጡት የመጎዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ያነሰ መሆኑን አግኝቷል።

አዲሱ ሲመጣ አሮጌው በዚያው ቀን ይጣል?

አይጣል። ሰውነት ለወራት ከተጠቀጠቀው ጫማ ጋር ተለማምዷል፤ በአንድ ቀን ወደ ወፍራምና ለስላሳ ሲዛወር ባትና የቁርጭምጭሚት ጅማት ሊቆጣ ይችላል። አሮጌው ወደ 450 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ አዲሱን መግዛት፣ ከዚያ ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ማፈራረቅ ይሻላል። መጀመሪያ አጭሮቹን ሩጫዎች በአዲሱ፣ የእሑዱን ረጅም በአሮጌው፤ ቀጥሎ ደግሞ በተገላቢጦሽ። ለውድድር ከሆነ አዲሱ ጫማ ከውድድሩ በፊት ቢያንስ አንድ ረጅምና አንድ ፈጣን ልምምድ ይሮጥበት፤ ጣት የሚቆነጥጥ ወይም ተረከዝ የሚልጥ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። አሮጌው ካላዘመመ ለእግር ጉዞ ያገለግላል። ካዘመመ ግን ለጉዞም አይሁን፤ ያልተስተካከለ ጫማ በእርምጃም ቢሆን ጉልበትን ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ለሌላ ሯጭ ለመስጠት ካሰቡም ኪሎ ሜትሩን አብረው ይንገሩት።